ፊቱ ፎርጅድ፣ ጀርባው ኦርጅናል

እህቴን የገበያው ሰው ሁሉ «ራጅ» ነው የሚላት። ሰዓት ሳትከፍት ውስጡን ታያለች ለማለት ነው። ታላቄ ስለሆነች እኔ እታለም እላታለሁ፤ ስታናድደኝ ደግሞ ሌላም ሌላም እላታለሁ። እሷ መልስ አትሰጥም። ዝምታው ሁሉ ለእሷ ደርሶ፣ ምላሱ ሁሉ ለእኔ የተረፈ ይመስለኛል።

ሱቃችን በልብስ ሰፊውና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቱ አጠገብ የአባባ የሥራ ጠረጴዛ አለ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ሰዓት ሲጠግን ኖሯል፤ አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ብቻ ነው የሚሠራው። ከእሱ ጀርባ እታለም ኮምፒዩተሯን ይዛ ትቀመጣለች። እኔ ባንኮኒው ላይ ነኝ። ደንበኛ የምቀበለው እኔ፣ የምከራከረው እኔ፣ «ቆይ ትንሽ ይታገሱ» የምለው እኔ።

የእታለም ሥራ እንዲህ ነው። ያገለገለ ሰዓት ሊገዛ ወይም ሊሸጥ የፈለገ ሰው ፎቶ በስልክ ይልክላታል፦ አንዱ ፊቱን፣ አንዱ መሙያውን ከጎን፣ አንዱ የጀርባ ክዳኑን። በፍላሽ ከተነሳ አትቀበልም። «ፍላሽ ጉድን ይሸፍናል፤ መስኮት ጋ ወስደው ትንሽ አጋድመው ያንሱልኝ» ትላለች። ከዚያ ፎቶውን አንዲት ፊደል መዳፍ እስክታክል ድረስ ታተልቀዋለች። የደህና ፋብሪካ ጽሑፍ የቱንም ያህል ብታተልቁት ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ የፎርጅዱ ቀለም ግን ወደ ዳር ዳር ይፈሳል፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተትም አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል። የደቂቃዎቹ ጭረቶች ከሰዓቶቹ ምልክቶች ጋር በልክ ካልገጠሙ አፍንጫዋን ታሻሻለች። እሷ አፍንጫዋን ካሻሸች ያ ሰዓት አለቀለት ማለት ነው።

ከፊቱ ቀጥላ ወደ መሙያው ትሄዳለች፤ ጎኑ ላይ ያለችው፣ በጣት እየተጠመዘዘች ሰዓቱ የሚሞላባት። ሰው መሙያን ማን ያያታል ብሎ ይንቃታል። ፎርጅድ ሠሪም እንደዚያው ይንቃታል፤ ስለዚህ ስንፍናው የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻ ጀርባውን ታያለች፤ ቁጥሩ በጥልቀት ተቀርጿል ወይስ ላይ ላዩን ተቃጥሏል? ዳርና ዳሩ ከዕድሜው ጋር ተበልቷል ወይስ ትናንት እንደተሠራ ነው?

አንድ ቀን ጠዋት የባለ ወፍ ሰዓት ፎቶዎች መጡ። ባለ ወፍ ድሮ የተከበረ ሰው ክንድ ላይ የሚታይ፣ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ነው፤ ፊቱም መሙያውም ጀርባውም ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ አለችበት። የላከው ኮንትራክተር ነው፤ መንገድ የሚሠራ፣ ድምፁም እንደ መንገድ መጥረጊያ ማሽኑ የሆነ ሰው። አባቱ በቅርቡ ሞተው ሰዓቱ ለወራሾች ቀርቷል።

እታለም ፊቱን አየች። አፍንጫዋን አሻሸች። መሙያውን አየች። የወፏ ክንፍ ላባ ላባው ተለይቶ፣ ጎላ ብሎ መውጣት ሲገባው ሟሙቶ እንደቀረ ሳሙና ሆኗል። እንደገና አሻሸች። ጀርባውን ስታይ ግን እጇ አፍንጫዋ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ።

«ጀርባው ግን…» አለች።

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ፤ ኮንትራክተሩ ነው። ድምፁ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። «እትዬ፣ ዝርዝር አያስፈልገኝም። ባንድ ቃል ንገሪኝ። ኦርጅናል ነው ፎርጅድ?»

እታለም ትንሽ አመነታች። «ፊቱና መሙያው ፎርጅድ ናቸው» አለች።

«ስለዚህ ፎርጅድ ነው።»

«አዎ… ፎርጅድ ነው።»

ሰውየው ስልኩን ዘጋው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለካ ለእንዲህ ያለችው «አዎ» ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት ሴት የነርስ ልብሷን ሳትቀይር ገባች። ዓይኗ አብጧል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ራጅ የምትባለው ማን ናት?» አለች።

እኔ አፌ አያርፍም። «ምን አደረገችሽ?» አልኳት፤ የሰፈር ጸብ መስሎኝ።

«የሌባ ስም ሰጠችኝ።»

እታለም ከወንበሯ ተነሳች። ሴትዮዋ የኮንትራክተሩ ታናሽ እህት ነች። አባታቸው ታመው በተኙበት ጊዜ ሁሉ ያስታመመቻቸው እሷ ናት፤ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ሲሞቱም ሰዓቱን ከክንዳቸው ፈትታ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ወንድሟ ከእታለም ጋር ተነጋግሮ ስልኩን እንደዘጋ ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ፣ «የአባታችንን ሰዓት ሸጣ ፎርጅድ ተክታበታለች» አለ። ሌላ ማን ሊነካው ይችላል? ቤት ውስጥ እሷ ብቻ ናት የነበረችው።

«አክስቴ ደጄን መርገጥ ተወች። እሱስ ይሁን» አለች ነርሷ። «ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ‹እማዬ፣ እውነት የአያቴን ሰዓት ሸጥሽው?› አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ‹አልሸጥኩም› ብላት ‹እሺ› አለችኝ። እንዴት ያለ ‹እሺ› መሰላችሁ! ያላመነ ሰው ‹እሺ›።»

ደሜ ፈላ፤ በማን ላይ እንደፈላ ግን አላወቅኩም። አባባ ወደ እኛ አልዞረም። አንድ ማሰሪያ ይዞ ያንኑ ቀዳዳ ደጋግሞ እየበሳ ነበር።

እታለም ነርሷን ወንበር ሰጥታ ፎቶዎቹን እንደገና ከፈተች። በዚህኛው ጊዜ ከጀርባው ጀመረች። «ነይ እይ» አለችኝ፤ ጭንቀት ሲይዛት ብቻ ነው የምትጠራኝ። «ቁጥሩን እይ፣ እስከ ታች ድረስ የተቀረጸ ነው። የወፏን ጥፍር እይ። ዳሩ ደግሞ ዓመታት ሸሚዝ እያሻሸው ተበልቷል። ይኼ ጀርባ የደህና ፋብሪካ ጀርባ ነው። ይቺ ሴት ሰዓቱን ብትለውጥ ኖሮ ሙሉ በሙሉ ነበር የምትለውጠው። ጀርባውን ትታ ፊቱን ብቻ የምትለውጥ ነርስ የት አለች? ፊት ለመቀየር የሰዓቱንና የደቂቃውን ቀስቶች መንቀል፣ ሞተሩን ማውጣት ያስፈልጋል። ይኼ የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ጮኼ ነበር መሰለኝ።

«ባንድ ቃል ንገሪኝ አለኛ!»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ግን ነርሷ እዚያው ስለነበረች ዋጥኩት።

እታለም ወዲያው ለኮንትራክተሩ ደወለች። ማንም ሰዓት ሠሪ ጋ ወስዶ ክዳኑን እንዲያስከፍትና ውስጡን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላት ጠየቀችው። ተነጫነጨ። «አንዴ ፎርጅድ ብለሽ የለ እንዴ? ሴትዮ፣ ሐሳብሽን እንደ ካልሲ ነው የምትቀያይሪው?» አላት። ሆኖም ለመነችው፤ እታለም ሰው ስትለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ነርሷ ተስፋ ሳታደርግ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፎቶው በማግስቱ መጣ። ሞተሩ የባለ ወፍ ሞተር ነው፤ ምንም አይወጣለትም። የክዳኑ የውስጥ ገጽ ደግሞ ለብቻው ተነስቷል። እዚህ ላይ የሙያውን ልማድ ልንገራችሁ። ሰዓት ሠሪ ሰዓት ከፍቶ ሲጠግን ከክዳኑ በውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ የራሱን ምልክትና ዓመቱን ይጭራል፤ በዓይን በቅጡ አይታይም፣ የሰዓቱ ባለቤትም ዕድሜውን ሙሉ ላያውቀው ይችላል። ለሚቀጥለው ሰዓት ሠሪ «እኔ እዚህ ነበርኩ» ማለት ነው።

እታለም ፎቶውን አተለቀችው። አንዲት የዓሣ መንጠቆ የመሰለች ጭረት፣ ከሥሯ ነጥብ። ዓመቱም አለ፤ ነርሷ ገና የትምህርት ቤት ልጅ የነበረችበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጫረበትም።

ያቺን መንጠቆ ከፊደል በፊት ነው ያወቅናት። ልጆች ሳለን አባባ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦን «ይቺ እኔ ነኝ» እያለ ያሳየን ነበር።

ሁለታችንም ቀና ብለን የአባባን ጀርባ አየን። ሻይ እየጠጣ ነበር።

እታለምን በክንዷ ይዤ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ዕቃ ቤት አስገባኋት። «ስሚኝ» አልኳት። «ይኼን ፎቶ አጥፊው። ሴትዮዋ ነጻ የምትሆንበት ሌላ መንገድ አይጠፋም። ‹ተሳስቻለሁ፣ ኦርጅናል ነው› በይው በቃ።»

«ከዚያስ? ሌላ ሰዓት ሠሪ ጋ ቢወስደው?»

«ከዚያማ የራሱ ጉዳይ!»

«የነርሷ ልጅስ?»

በዚህ ገበያ «እጁ ወርቅ ነው» ሲባል የምሰማው ሰው አባቴ ነው። እኛን ያሳደገን፣ ሱቁን ያቆመው ይኼ ስም ነው። ሰው ስማችንን አያውቅም፤ «የሰዓት ሠሪው ልጆች» ነን። ስሙን ዛሬ በስተርጅናው፣ ቆሻሻ ላይ ልጣለው? አለቀስኩ፣ አልደብቅም። እታለም አላለቀሰችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ገርበብ አድርገን ጠየቅነው። እታለም ፎቶውን ፊቱ አስቀመጠች። አባባ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አየ።

«አላስታውሰውም» አለ።

«አባባ፣ ምልክቱ ያንተ ነው።»

«ስንት ሰዓት አለፈ በዚህ እጅ! ሁሉን አስታውሳለሁ እንዴ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የትኛውን ሰዓት ለማን፣ በየትኛው ክረምት እንደጠገነ የሚቆጥር ሰው ነው እኮ! እታለም አልተከራከረችውም። «ጠርቻቸዋለሁ፤ ነገ ወንድምየውና እህቱ ሰዓቱን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ያየሁትን እናገራለሁ። ያላየሁትን ደግሞ አንተ ታውቃለህ» አለችው። ከዚያ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። አባባ ምሳውን አልነካም።

በማግስቱ መጡ። ኮንትራክተሩ ገብቶ ሲቆም ሱቁ ሞላ። ነርሷ በር ላይ ቀረች፤ ከወንድሟ ጋር አንድ መንገድ ላይ እንኳን አብራ አልተራመደችም። ሰዓቱ ባንኮኒው ላይ ተቀመጠ።

«ይኸው» አለ ኮንትራክተሩ። «እስቲ በቅጡ አስረጂኝ። ፎርጅድ ነው ወይስ አይደለም?»

እታለም አስረዳችው። ሰዓቱ ራሱ የባለ ወፍ ሰዓት መሆኑን፣ የተቀየሩት ፊቱና መሙያው ብቻ መሆናቸውን፣ ይኼም የሰዓት ሠሪ እጅ መሆኑን ነገረችው። የሰዓት ሠሪውን ምልክት ልትነግረው ስትል ድምፏ ቆመ። ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«እሺ፣ ለሰዓት ሠሪ ከፍላ ማስቀየር ያቅታታል?» አለ ኮንትራክተሩ ወደ እህቱ እየዞረ። «ፊቱን ሸጣ…»

«ልጄ» አለ አባባ።

ሁላችንም ዞርን። ተነስቶ ቆሟል፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ።

«ልጄ፣ ክፈቺው። ቀስቶቹን ንቀይና ፊቱን አንሽው። ከጀርባው ሞተሩ ላይ የሚሰኩት ሁለት እግሮቹ በሞረድ ተበልተዋል። ቀዳዳው ስላልገጠመ እኔ ነኝ የሞረድኳቸው። በሙጫ ነው የያዝኩት፤ ሁለት ጠብታ፣ አንዱ ከሌላው ይበልጣል።»

እታለም ሰዓቱን ወሰደች። ክዳኑን ከፈተች፣ ሞተሩን አወጣች፣ ቀስቶቹን ነቀለች። ፊቱን በስለት ጫፍ ስትፈነቅለው ቀጭን ድምፅ አሰማ። ገለበጠችው። የተሞረዱ ሁለት እግሮች፣ ሁለት ቢጫ የሙጫ ጠብታዎች። አንዱ ከሌላው ይበልጣል።

«አባታችሁ ወዳጄ ነበር» አለ አባባ። «እንዳጸዳለት ሰጠኝ። ፊቱ ትንሽ አቧራ ነበረው፤ በእርጥብ ጥጥ ጠረግኩት። የእኛን ሙያ ጀማሪ እንኳን የሚያውቀው ነው፤ ያረጀ የሰዓት ፊት በእርጥብ አይነካም። እኔ ግን ለራሴ ‹እጄ ቀላል ነው› አልኩ። ጽሑፉ ከነወፏ ከጥጡ ጋር መጣ። እጄ ላይ ተላጠ! ሌላ ኦርጅናል ፊት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። በገበያ ያገኘሁትን ፎርጅድ ገዝቼ፣ ከአዲስ ፊት ጋር አሮጌ መሙያ እንዳያሳጣኝ ከነመሙያው ገጠምኩለት። ሊወስድ ሲመጣ አይቶ ‹አዲስ አደረግከው፣ እጅህ ይባረክ› አለኝ። መረቀኝ። ያኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ዘጋሁት።»

ኮንትራክተሩ ፊቱ ቀላ። የተናደደ ሰው ንዴቱን የሚያሳርፍበት ሲያጣ እንደሚሆነው አንገቱን አዞረ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ መለሰ። በመጨረሻ ለእህቱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ታዲያ አንቺስ ለምን በደንብ አልተከራከርሽም?»

ነርሷ ወደ አባባ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ አባቴን ያውቁት ነበር። ያን ቀን ቢነግሩት ምን የሚልዎት ይመስልዎታል?»

አባባ አሰበ። «ይስቅ ነበር» አለ። «ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር።»

እሷም ልትስቅ ሞከረች፤ ልቅሶ ሆነባት። «አዎ፣ ይስቅ ነበር። እንደዚያ ነበር አባቴ። አሁን ግን ልጄን ማን ይነግርልኛል? እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

አባባ የሥራ ልብሱን አወለቀ። አጉሊ መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ አስገባ። ኮቱን ሲለብስ አንደኛው እጅጌ እምቢ ስላለው ሄጄ አገዝኩት። «የት ልትሄድ ነው?» ስለው «ከልጅቷ ጋ» አለኝ። ሐኪም ቤት ካልሆነ ከሰፈራችን ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። በነርሷ ክንድ ተደግፎ መንገዱን ሲሻገር በመስኮቱ አየሁት። ትንሽ ሰው ሆኖ ታየኝ፤ አባቴ እኮ ግዙፍ ነበር። ኮንትራክተሩ የተፈታታውን ሰዓት ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ፤ ያን ቀን ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም።

እታለም ሰዓቱን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ በስልክ አዲስ የመጡ ፎቶዎች አየች። ፊት፣ መሙያ፣ ጀርባ። ለላከው ሰው ጻፈች፦ «እባክዎ ክዳኑን አስከፍተው ውስጡንም ያንሱልኝ። እስከዚያ ፎርጅድም ኦርጅናልም አልልም።» ዛሬም ለሁሉም እንዲህ ነው የምትጽፈው። ደንበኛ ይማረራል፤ አንዳንዱም ሌላ ጋ ይሄዳል። ይሂድ።

ያን ቀን አባባ የተመለሰው ሱቅ ልንዘጋ ስንል ነው። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሻይ አቀረብኩለት፣ አልጠጣም። ሁለታችንም ልንጠይቀው ፈራን። በመጨረሻ እኔ ነኝ ያልቻልኩት።

«ልጅቷ ምን አለችህ?»

«ሰማችኝ። ስጨርስ ‹እኔ እኮ እማዬን አላመንኳትም ነበር። እሷ ግን ያመንኳት መስሏታል። ልንገራት እንዴ?› አለችኝ።»

እታለም ከኮምፒዩተሯ ቀና አለች። «ምን አልካት?»

አባባ ባንኮኒው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

«‹ዛሬውኑ ንገሪያት› አልኳት። ‹አታሳድሪው።›»